በክሪቤጅ ጨዋታ የትኞቹ ካርታዎች ይጣላሉ?

ጥያቄ፦ በሁለት ሰው ክሪቤጅ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ ጃክና ኪንግ የደረሰው ተጫዋች፣ አዳዩ ተቃራኒው ከሆነ የትኞቹን ሁለት ይጥላል?

መልስ፦ ጃክንና ኪንግን ይጥላል። ድምራቸው 15 የሚሆን ካርታዎች 2 ነጥብ ስለሚያስገኙና ባለሥዕሎቹ እንደ 10 ስለሚቆጠሩ፣ 5፣ 5፣ ጃክና ኪንግን ያስቀረ ሰው ከአራት አሥራ አምስቶች 8፣ ከጥንዱም 2፣ በጠቅላላው 10 ያገኛል፤ 4፣ 5፣ 5፣ 6 ግን ከሁለት አሥራ አምስቶች 4፣ ከጥንዱ 2፣ ከሁለት ባለሦስት ተከታታዮች ደግሞ 6፣ በድምሩ 12 ይሰጣል። ጃክ በእጅ ቀርቶ ከሚገለጠው ካርታ ጋር በምልክት ቢገጥም የሚጨምረው 1 ነጥብ ይህን ልዩነት አይሞላም፤ አራቱም የእጅ ካርታዎች አንድ ምልክት ሲኖራቸው የሚገኘው 4 ነጥብም ሁለት አምስቶች ባሉበት ከቶ አይታሰብም። የተጣሉት ካርታዎች አዳዩ ብቻ ወደሚቆጥረው ተጨማሪ እጅ፣ ወደ ክሪብ፣ ስለሚገቡ በቀላሉ የማይያያዙትን መስጠት ይመረጣል፤ ጃክና ኪንግ ተከታታይ የሚሠሩት ንግሥት ስትገባ ብቻ ነው። ንግሥት ብትገለጥም የተጫዋቹ እጅ ወደ 16 ያድጋል።