እንኳን ደስ ያለሽ፣ መምህርት

የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ድልድል ላይ ስምሽን ሳየው በጣም ደስ አለኝ። እንኳን ደስ ያለሽ! ከእንግዲህ ተማሪ ባለበት ቦታ "መምህርት" እና "እርስዎ" ነው የምልሽ። ሌሎቹ የድሮ አስተማሪዎችሽ በቁልምጫ ስምሽ ሊጠሩሽ ይችላሉ። ስታፍ ውስጥ ከሆነ ተያቸው፤ ክፍል በር ላይ ሲሆን ግን ለብቻቸው አግኝተሽ ንገሪያቸው። አንቺን ያስቸገረሽ እንደሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ይሄ ቀላሉ ነው። የሚከብድሽ ማርክ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ነሽና። ከምታስተምሪያቸው መካከል የጎረቤት ልጅ አለ፣ አብራሽ የተማረች ልጅ ታናሽ ወንድምም አይጠፋም። አንድ ተማሪ በተከታታይ ምዘና ከ50 32፣ በማጠቃለያ ፈተና ደግሞ ከ50 17 አመጣ እንበል። ድምሩ 49 ነው፣ ማለፊያው 50። ማታ እናቱ ቤታችሁ ይመጣሉ፤ ቡና ላይ "አንቺው ልጄ፣ አንዲት ማርክ ምን አላት?" ይሉሻል።

መልሱን ቡናው ላይ አትስጪ። "ነገ ወረቀቱን ይዞ ትምህርት ቤት ይምጣ" በያቸው። ሲመጣ አብራችሁ ደምሩት። የድምር ስህተት ካለ አስተካክይ። ትክክል ሆኖ ሳለ ነጥብ ያልሰጠሽው የአሠራር ደረጃ ካገኘሽም ስጪው፤ ያኔ ግን ያንኑ ጥያቄ የክፍሉን ሁሉ ወረቀት አውጥተሽ ማየት አለብሽ። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። የእሱን ብቻ ካስተካከልሽ ግን ወሬው በማግስቱ ይደርሳል፣ አቤቱታውም ይከተላል። ምንም ስህተት ከሌለ 49 ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ እዚህ እንዳይደርስ ሥራው ቀደም ብሎ ነው። የክፍል ፈተና በሳምንት ውስጥ አርመሽ መልሺ። በምትመልሺበት ቀን አሥር ደቂቃ ስጪያቸውና እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ይደምር፤ ቅሬታ ያለው እዚያው ያቅርብ። ከዚያ ማርክ ሊስቱ ላይ በእስክሪብቶ ሙዪና ተማሪው ከነጥቡ ጎን ይፈርም። የማጠቃለያውንም ወረቀት ለክፍል ኃላፊው ማርክ ከማስረከብሽ በፊት አሳዪያቸው። ሮስተር ከተሠራ በኋላ የአንድ ልጅ ማርክ ሲነካ አማካዩም ደረጃውም ይቀየራል፤ የሌሎቹ ደረጃ ሊገፋ፣ ካርድም እንደገና ሊጻፍ ነው። የክፍል ኃላፊው ያን ቀን በምን ዓይን እንደሚያይሽ አልነግርሽም!

የዘመድ ልጅ ካለሽ ወረቀቱን ለእኔ ስጪኝና እኔ ላርመው፤ የእኔን አንድ ክፍል ታርሚልኛለሽ። የመጀመሪያውን ፈተናሽንም ከማባዛትሽ በፊት አምጪልኝ። ማክሰኞ ከስድስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ስታፍ ነኝ።