ከቡድን አቀራረብ በፊት ሦስት የልምምድ ዙሮች

ለዲመካ ከተማ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ንድፍ በቡድን ልናቀርብ ነው እንበል። አራት ነን፤ የተሰጠን 15 ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዳችን 3 ደቂቃ እንመድባለን፤ ቀሪው 3 ደቂቃ ለመቀባበያና ለመጠባበቂያ ነው።

አንደኛው ዙር የሰዓት ነው። ማንም ቢሳሳት አናቋርጥም፤ እያንዳንዱ የፈጀው ደቂቃ ይጻፋል። ሁለተኛው ተናጋሪ 5 ደቂቃ ከፈጀ ቶሎ ቶሎ ተናገር አንለውም። ስሌቱን መስመር በመስመር ማንበቡን ትቶ ውጤቱን ብቻ ያሳያል።

ሁለተኛው ዙር የመቀባበያ ነው። የጨራሹን የመጨረሻ፣ የተረካቢውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሦስት ጊዜ እንለማመዳለን። «የከተማዋ የውኃ ፍላጎት ይህ ነው፤ ፓምፑ ይችለው እንደሆነ እኅታችን ታሳየናለች» ማለት «ጨርሻለሁ» ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል፤ አድማጩ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል።

ሦስተኛው ዙር ከአቀራረቡ አንድ ቀን ቀድሞ በፕሮጀክተር ይደረጋል። ስላይዶቹን አንድ ሰው በአንድ ፋይል ሰብስቦ ርዕሱን፣ ፎንቱንና ቀለሙን በ Slide Master ያስተካክላል። መለኪያውም አንድ ይሁን፤ አንዱ ሊትር በሰከንድ፣ ሌላው ሜትር ኩብ በቀን ከጻፈ አድማጩ ቁጥሮቹን ማነጻጸር አይችልም። ፋይሉን በሚቀርብበት ኮምፒዩተር እንክፈተው። የአማርኛው ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ ፎንቱ እዚያ የለም ማለት ነውና የ PDF ቅጂ እንያዝ።