በተረጋገጠ ትእዛዝ ላይ ለመጣ የዋጋ ጭማሪ መልስ ስለ መጻፍ

ከውጭ አገር አቅራቢ «ዋጋ ጨምረናል» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ መልሱ የሚሄደው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰፍረው በአማርኛ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንደተናደደ በወረቀት ላይ ይጭረዋል፤ የግዢ ሠራተኛው ወደ እንግሊዝኛ ያዞረዋል። የዛሬው ትምህርት በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መካከል ስላለው ሥራ ነው።

ለትምህርቱ ብለን አንድ ጉዳይ እናሰናዳ። አዲስ አበባ ያለ ማተሚያ ቤት ከህንድ አቅራቢ 50 ቶን የኅትመት ወረቀት አዝዟል። ዋጋው በቶን 900 ዶላር፣ ኤፍኦቢ ሙንድራ ወደብ ነው። ፕሮፎርማው በሁለቱም ወገን ተፈርሟል። ባንኩ ጥር 12 ቀን 2018 የ45 ሺህ ዶላር ኤልሲ ከፍቷል፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን የካቲት 21 ነው። ጥር 26 ቀን ከአቅራቢው ማስታወቂያ መጣ፦ የወረቀት ጥሬ ዕቃና የመርከብ ኪራይ ስለተወደደ ገና ባልተጫነ ዕቃ ሁሉ ላይ 12 በመቶ ተጨምሯል ይላል። በዚህ ስሌት ቶኑ 1,008 ዶላር ይሆናል፤ በ50 ቶን ላይ ልዩነቱ 5,400 ዶላር ነው።

የሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ደግሞ ይህን ይላል፦ «ይሄ ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ይህን ያህል ዘመን አብረን ሠርተን እንዲህ ይደረጋል? ኤልሲው ተከፍቷል። ዶላሩ በስንት መከራ እንደተገኘ እነሱ አያውቁም። የመርከቡን የምንከፍለው እኛ ነን። ለሚቀጥለው 100 ቶን ግን ትንሽ ቢጨምሩ አንጣላም። እምቢ ካሉ ሌላ እንፈልጋለን።»

ይህ ማስታወሻ ከሚመስለው በላይ ጥሩ ነው። ለደብዳቤው ከሚያስፈልገው ክርክር አብዛኛው ውስጡ አለ፤ ጉድለቱ ሁለት ጉዳዮችን አንድ ላይ መጨፍለቁ ነው። አንደኛው የተፈረመው 50 ቶን ነው፤ ዋጋው ተቆርጦ ያለቀ ነው። ሁለተኛው ገና ያልታዘዘው 100 ቶን ነው፤ ዋጋው ክፍት ነው። በመጀመሪያው ላይ ድርድር የለም፤ በሁለተኛው ላይ ያለው ድርድር ብቻ ነው። ደብዳቤው ሁለቱን ካልለየ ከሁለት መጥፎ ነገሮች አንዱ ይደርስበታል። ቁጣው ወደ ሁለተኛው ፈስሶ የወደፊቱን ግዢ ያበላሻል፤ ወይም «ትንሽ ቢጨምሩ አንጣላም» የሚለው ልስላሴ ወደ መጀመሪያው ይሻገርና አቅራቢው በ50 ቶኑም ላይ እንደተስማማን ይቆጥረዋል። የሁለተኛው ዓይነት ስሕተት የበለጠ ያስከፍላል፤ እኛ ጨዋነት ያልነውን እሱ ፈቃድ ብሎ ፋይል ያደርገዋልና።

አሁን ማስታወሻውን ቃል በቃል እንመርምር። «ኤልሲው ተከፍቷል» የሚለው ትልቁ መሣሪያ ይመስላል፤ ግን ምን ያህል እንደሚያስር በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ባንኮች ኤልሲ የሚያስተናግዱበት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዩሲፒ 600 ነው። በአንቀጽ 10 መሠረት ኤልሲ የከፈተው ባንክ፣ ያረጋገጠው ባንክ ካለ እሱም፣ እንዲሁም ተጠቃሚው ሻጭ ካልተስማሙ በቀር ኤልሲ አይሻሻልም። ስለዚህ ሻጩ ብቻውን ዋጋውን ወደ 50,400 ዶላር ከፍ ማድረግ አይችልም፤ በዚህ ገንዘብ ኢንቮይስ ቢያቀርብም ባንኩ ከ45 ሺህ በላይ የመክፈል ግዴታ የለበትም። እስከዚህ ድረስ ጠንካሮች ነን።

ነገር ግን ያው ደንብ በአንቀጽ 4 ኤልሲው ከሽያጭ ውሉ የተለየ ነው ይላል። ኤልሲ የሚያስረው ባንኩን ነው፤ ሻጩን ዕቃ ጫን ብሎ አያስገድደውም። ሻጩ ቢያኮርፍ ኤልሲው ጊዜው እስኪያልፍ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል። የተያዘው ዶላር የእኛ፣ የቆመው ማተሚያ መኪና የእኛ ነው። ብዙ አስመጪዎች «ኤልሲ ስላለኝ አያመልጠኝም» ብለው የሚጽፉት ደብዳቤ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሻጩን የሚያስረው የተፈረመው ፕሮፎርማ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ ፕሮፎርማው ከነቁጥሩና ከነቀኑ ይቅደም፤ ኤልሲው ደጋፊ ሆኖ ይከተል። ሻጩ መጫኑ እንደሚጠቅመው የሚያሳየው ደግሞ 100 ቶኑ ነው። የማስታወሻው ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ሥራ የሚያገኘው በዚህ ቦታ ነው።

«የመርከቡን የምንከፍለው እኛ ነን» የሚለው በማስታወሻው ውስጥ በጥቂት ቃላት ቢያልፍም ከሁሉ የተሳለው ክርክር እሱ ነው። በኤፍኦቢ ሽያጭ የሻጩ ወጪ ዕቃው በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ ሲወጣ ያበቃል፤ ከሙንድራ እስከ ጅቡቲ ያለው ኪራይ የገዢው ነው። የመርከብ ኪራይ ቢወደድ የምንጎዳው እኛ ነን፤ እሱ ለዚህ ምክንያት ዋጋ ሊጨምር አይገባም። ዋጋው ሲኤፍአር ጅቡቲ ቢሆን ኖሮ ግን ኪራዩን የሚከፍለው ሻጩ ስለሆነ ይህ ክርክር አይሠራም። ስለዚህ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት የፕሮፎርማውን የርክክብ ቃል ተመልከቱ።

«ዓይን ያወጣ» የሚለው ይወጣል። «ይህን ያህል ዘመን አብረን ሠርተን» የሚለው ግን አይጣል፤ ወቀሳው ተነሥቶለት በደብዳቤው መግቢያ ላይ ምስጋና ይሁን። የዶላሩ መከራም ይለወጣል፤ ችግራችንን ለነጋዴ ብናዋየው ቸኩለናል ብሎ ያነበዋል። ከዚያ ይልቅ ነገሩን በሥርዓቱ እንንገረው፦ ኤልሲው እንዲሻሻል ተጨማሪ የውጭ ምንዛሪ ከባንኩ መጠየቅ ይኖርብናል፤ ይህም ጭነቱን ከየካቲት 21 ሊያሳልፈው ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ እሱንም የሚነካው ነው። «ሌላ እንፈልጋለን» የሚለውን በተመለከተ፣ በእጃችሁ የሌላ አቅራቢ ፕሮፎርማ ከሌለ አትጻፉት። ልምድ ያለው ሻጭ ባዶ ዛቻ ያውቃል፤ አንዴ ካወቀ ቀሪውንም ደብዳቤ በዚያው ዓይን ያነበዋል።

ቀኖቹን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስትመልሱ ወሩን በፊደል ጻፉ። ጥር 12 ጃንዋሪ 20 ነው፤ ጥር 26 ፌብሯሪ 3፤ የካቲት 21 ፌብሯሪ 28፤ ሁሉም 2026። በቁጥር ብቻ 3/2 ብትሉ አንዱ ፌብሯሪ 3፣ ሌላው ማርች 2 ብሎ ያነበዋል።

የእንግሊዝኛው ጽኑነት ያለው በግሶቹ ላይ ነው። በአማርኛ «ለመቀበል እንቸገራለን» ብንል ሰሚው እምቢታ መሆኑን ያውቃል። ያንኑ «ኢት ኢዝ ዲፊከልት ፎር አስ» ብለን ብናዞረው ግን የሙንድራው ሰው «ከባድ ነው እንጂ ይቻላል» ብሎ ያነበዋል። ለ50 ቶኑ የሚያስፈልገው «ዊ አር አንኤብል ቱ አክሴፕት» ነው፤ ጨዋ ቃል ነው፣ በሩ ግን ተዘግቷል። በ100 ቶኑ ላይ «ዊ ዉድ ቢ ዊሊንግ ቱ ኮንሲደር» ይባላል፤ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆያል። «ዩ ካንኖት» ወይም «ዩ መስት» የሚል አይግባ፤ ስለ ትእዛዙ እንጂ ስለ ሰውየው አትናገሩ። «ዩር ኖቲስ ኢዝ ኖትድ» ከሚል አጻጻፍም ተጠንቀቁ፤ እንደ መስማማት ሊነበብ ይችላል፤ መድረሱን ለመናገር «ዊ ሪሲቭድ» ይበቃል።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይዘቱ የሚከተለውን ይመስላል። በርእሱ መስመር የፕሮፎርማው ቁጥርና የኤልሲው ቁጥር ይሰፍራል።

«የፌብሯሪ 3 ማስታወቂያችሁ ደርሶናል። ባለፉት ዓመታት ላሳያችሁን አስተማማኝ አቅርቦት እናመሰግናለን።

«በተጠቀሰው ፕሮፎርማ የታዘዘው 50 ቶን በቶን 900 ዶላር ኤፍኦቢ ሙንድራ በሁለቱም ወገን ተረጋግጧል፤ ኤልሲውም በዚሁ ዋጋ ጃንዋሪ 20 ቀን ተከፍቷል። ስለዚህ በዚህ ትእዛዝ ላይ ጭማሪውን መቀበል አንችልም። ኤልሲውን ማሻሻል አዲስ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ስለሚጠይቅ ጭነቱን ከፌብሯሪ 28 በኋላ ሊያዘገየው ይችላል። ዕቃው በተስማማነው ዋጋና ቀን እንደሚጫን እስከ ፌብሯሪ 10 እንድታረጋግጡልን እንጠይቃለን።

«ለሚቀጥለው 100 ቶን የጥሬ ዕቃ ዋጋ መለወጡን እንረዳለን። ዋጋችን ኤፍኦቢ በመሆኑ የባሕር ኪራይ በእኛ በኩል የሚከፈል ነው፤ ስለዚህ ከ12 በመቶው ውስጥ የጥሬ ዕቃው ድርሻ ስንት እንደሆነ ብትገልጹልን ደስ ይለናል። እስከ ጁን መጨረሻ የሚጸና ከሆነ በቶን 945 ዶላር ለማሰብ ፈቃደኞች ነን። የመጀመሪያው ጭነት እንደተረጋገጠልን ለዚህ ትእዛዝ ፕሮፎርማ እንጠይቃለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ዛቻ የለባትም፤ ግን ቅደም ተከተል አስቀምጣለች። 945 ዶላር 5 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ሻጩ ባዶ እጁን አልተመለሰም። «እስከ ጁን መጨረሻ» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም፤ ጭማሪ የሚሰጥ ገዢ በምትኩ ዋጋ የሚረጋበት ጊዜ መግዛት አለበት።

ደብዳቤው ፈጥኖ ይሂድ። «ዝም ብንል አልተስማማንም ማለት ነው» የሚሉ አሉ። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ መቀበል አይደለም ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥር 1684 በቆየ የንግድ ግንኙነት ውስጥ ውልን ለመለወጥ ለሚቀርብ ሐሳብ ልዩነት ያደርጋል፦ በተለየ ጽሑፍ ቀርቦ፣ በቂ በሆነ ጊዜ ካልተመለሰ እንደተቀበሉት እንደሚቆጠር ካስታወቀ፣ ዝምታው ሊያስር ይችላል። ውሉ የሚዳኘው በሌላ አገር ሕግ ቢሆንም ያልተመለሰ ማስታወቂያ ለክርክር ቀዳዳ ይከፍታል። አቅራቢው ስልክ ደውሎ ከተነጋገራችሁም የተባለውን በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፋችሁ ላኩ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ እሺም እምቢም አይደለም። «ሪቫይዝድ ፕሮፎርማ» የሚል ሰነድ ይደርሳችኋል፤ 50ውን ቶንና 100ውን አንድ ላይ አድርጎ ለ150 ቶን አንድ አማካይ ዋጋ፣ በቶን 940 ዶላር፣ ያስቀመጠ። ካቀረባችሁት ከ945 ስለሚያንስ ያጓጓል። አስሉት፦ 150 በ940 ሲባዛ 141 ሺህ ዶላር ነው። የእናንተ ሐሳብ 45 ሺህ እና 94,500፣ በድምሩ 139,500 ነበር። ልዩነቱ 1,500 ዶላር ብቻ ነው፤ ሰነዱ ግን የተፈረመውን ፕሮፎርማ ይተካል፣ የመጫኛ ቀኑም አብሮ ይሄዳል። አትፈርሙ። አመስግናችሁ፣ ለ100 ቶኑ ብቻ የተለየ ፕሮፎርማ እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ የ50ው ቶን ማረጋገጫም በራሱ ኢሜይል ይምጣ።