አማካዩ 3 ሲሆን ምን እንጻፍ?

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ለተግባራዊ ምርምር ለ60 ተማሪዎች መጠይቅ በትኜ 48ቱ መለሱልኝ። «ቤት ውስጥ በቂ የማጥኛ ጊዜ አለኝ» ለሚለው ዐረፍተ ነገር የመልሶቹ አማካይ ከ5 ነጥብ 3.0 ሆነ። «ተማሪዎቹ መካከለኛ ጊዜ አላቸው» ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ፤ መጀመሪያ መልሶቹን በሰንጠረዥ ዘርዝረው ይዩዋቸው። ለምሳሌ ስርጭቱ እንዲህ ቢሆንስ?

| መልስ | ቁጥር | መቶኛ |
|---|---|---|
| 1 በጣም አልስማማም | 20 | 41.7 |
| 2 አልስማማም | 4 | 8.3 |
| 3 ለመወሰን እቸገራለሁ | 0 | 0.0 |
| 4 እስማማለሁ | 4 | 8.3 |
| 5 በጣም እስማማለሁ | 20 | 41.7 |
| ድምር | 48 | 100.0 |

አማካዩ በትክክል 3.0 ነው፤ ነገር ግን 3ን የመረጠ አንድም ተማሪ የለም። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግኝቱም ይኸው ነው። ስለዚህ «ከመለሱት 48 ተማሪዎች 24ቱ በቂ ጊዜ የለንም ብለዋል» ብለው ይጻፉ። መቶኛ ሲጠቅሱ ቁጥሩን አብረው ያስቀምጡ፤ መቶኛው ከ60 ሳይሆን ከ48 መሰላቱንም ከሰንጠረዡ ርዕስ ላይ ይግለጹ።

በውስንነት ክፍሉ «የጊዜ እጥረት ነበር» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ውስንነቱ ውጤቱን ወዴት እንደሚያዘነብል ይናገሩ፦ «12 ተማሪዎች መጠይቁን አልመለሱም። በቤት ሥራ ጫና ምክንያት ያልመለሱ ካሉ፣ ጊዜ የሌላቸው ተማሪዎች ድርሻ እዚህ ከታየው ሊበልጥ ይችላል።» መጠይቁን ተማሪዎቹ የሞሉት ስም ጽፈው በእርስዎ ፊት ከሆነም እርስዎን ለማስደሰት ሊመልሱ ስለሚችሉ ይህንኑ ይጥቀሱ። መደምደሚያዎም ከእነዚህ 48 ተማሪዎች አልፎ ስለ መላው ትምህርት ቤት አይናገር።