የፔስቴል ቅኝት ለልብስ ላኪ፦ ገፊ ምክንያትን ከዳራ መለየት

የፔስቴል ቅኝት ፖለቲካዊ፣ ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊ፣ ቴክኖሎጂያዊ፣ አካባቢያዊና ሕጋዊ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል ገፊ ምክንያት የሚባለው የአንድን ትእዛዝ ዋጋ፣ መጠን ወይም የማስረከቢያ ቀን በምን መንገድ እንደሚለውጥ ሊታይ የሚችለው ብቻ ነው። የሕዝብ ቁጥር ዕድገት፣ ለምሳሌ፣ የዘንድሮን ትእዛዝ ስለማይለውጥ ዳራ ነው።

በቢቸና ወይም በሞጣ የጥጥ ቲሸርት እየሰፋ በ3 ዶላር የሚልክ ድርጅት አለ እንበል። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ዕድል በመታገዷ፣ አሜሪካ በጥጥ ቲሸርት ላይ የምትጥለው 16.5 በመቶ መደበኛ ቀረጥ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ 49.5 ሳንቲም ይጨምራል።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይህን ያካክሳልን? ከ3 ዶላሩ 2ቱ ከውጭ ለሚገባ ጨርቅ የሚከፈል ከሆነ፣ የብር መዳከም የሚያቀልለው በብር የሚከፈለውን ቀሪ 1 ዶላር ብቻ ነው። የብር ዋጋ በግማሽ ቢወርድ ቁጠባው 50 ሳንቲም ይሆናል፤ ደመወዝና የመብራት ክፍያ ሲጨምሩ ግን ይመናመናል። ስለዚህ ለአሜሪካ ለሚልክ ድርጅት ቀረጡ ከምንዛሪው ይቀድማል።

ገዢው አውሮፓዊ ሲሆን ደረጃው ይገለበጣል። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ልብስ ያለ ቀረጥ ስለሚያስገባ፣ የአጎዋ እገዳ ወደ ዳራ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተባባሰው ግጭት የጅቡቲን መንገድ በመዝጋት የሚያስከትለው መዘግየት ቀዳሚ ይሆናል፤ መርከብ ያመለጠው ጭነት በአውሮፕላን ከተላከ ትርፉን ሊውጠው ይችላልና። የገዢው አገር በተለወጠ ቁጥር ደረጃው እንደገና ሊሰላ ይገባል።