ከአቅርቦት ውል የቅጣት፣ የክፍያና የርክክብ አንቀጾች አዘረዛዘር፦ የስሌት መነሻን በተመለከተ

ለፋይናንስ ኃላፊ የሚዘጋጅ የውል ዝርዝር የአንቀጹን ቁጥር፣ ገጹንና ቃሉን እንዳለ ማስፈር ይኖርበታል። ይህ አጭር ጽሑፍ አንቀጽን ማሳጠር ሳይታወቅ ትርጓሜ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ለማሳያ ያህል የ800,000 ብር የቢሮ ዕቃ ግዥ ውል እንውሰድ። አቅራቢው የ200,000 ብር ዕቃ 10 ቀን አዘግይቷል። በአጠቃላይ የውል ሁኔታዎች ቅጣቱ «ካልቀረበው ዕቃ ዋጋ በቀን 0.1 በመቶ» ሲሆን፣ በልዩ የውል ሁኔታዎች ደግሞ «ከጠቅላላ የውል ዋጋ በቀን 0.1 በመቶ» ነው። በመጀመሪያው ስሌት ቅጣቱ 2,000 ብር፣ በሁለተኛው 8,000 ብር ይሆናል። ዘርዛሪው «በቀን 0.1 በመቶ» ብሎ ቢያሳጥር ልዩነቱ ከኃላፊው ይሰወራል፤ አንዱን ቢመርጥ ደግሞ የሕግ ክፍሉን ሥራ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱም ቃል በቃል ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፤ በአስተያየት ዓምዱም «የስሌት መነሻው ይለያያል፤ ለሕግ ክፍል ይመራ» ተብሎ ይጻፋል። የውሉ ሰነዶች ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም የሚደነግግ አንቀጽ ካለ፣ እርሱም ሳይተረጎም ይገለበጣል።

በክፍያና በርክክብ አንቀጾችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «በ30 ቀን ውስጥ» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ቆጠራው የክፍያ መጠየቂያው ከቀረበበት ወይስ የርክክብ ሰነዱ ከተፈረመበት ቀን እንደሚጀምር የሚገልጸው ሐረግ አብሮ ይሰፍራል። የርክክቡ ጊዜም ከውሉ ፊርማ ወይም ከቅድመ ክፍያው ቀን ሊቆጠር ይችላል። መነሻው በውሉም ሆነ በማሻሻያዎቹ ካልተጻፈ በዓምዱ «አልተገለጸም» ተብሎ ይሞላል እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ልማድ አይተካም። ኃላፊው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ክፍተት ነው።