«ከምግብ በኋላ» እና «ከምግብ ርቆ»፦ የቡና ሰዓትና የብረት ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት መግባት

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ቡና ብዙ ጊዜ የሚፈላው ማዕድ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት «ቡናን ከምግብ ጋር አትጠጪ» ስትባል ምክሩን ከወዲሁ የምትፈጽም ሊመስላት ይችላል። የጥናት ውጤቶች ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያሳያሉ።

በሥጋ ውስጥ ካለው ብረት ከፊሉ ሄም በተባለ ሞለኪውል ውስጥ እንደታቀፈ ወደ አንጀት ሕዋስ ስለሚገባ ቡና እምብዛም አይነካውም። የእህልና የጥራጥሬ ብረት ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። በቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች፣ በተለይም ክሎሮጀኒክ አሲድ፣ ከዚህ ብረት ጋር ተጣብቀው አንጀት ሊቀበለው የማይችል ውህድ ይፈጥራሉ። ዋነኛው ምክንያት ካፌይን አይደለም። በጾም ወራት ማዕዱ እንጀራና ሽሮ ብቻ በሚሆንበት ጊዜ የሚገኘው ብረት በሙሉ ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ነው።

ሞርክ፣ ሊንችና ኩክ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ ቀንሷል፤ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ቅነሳ አልታየም። ምግቡ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ እንደተጠጣ ያህል ነበር። ቀድሞ የተጠጣ ፈሳሽ ከሆድ ቶሎ ይወጣል፤ የተበላ ምግብ ግን ለሰዓታት ስለሚቆይ ኋላ የመጣው ቡና ይደርስበታል።

ለምሳሌ አንድ ማዕድ 6 ሚሊ ግራም ብረት ቢኖረውና 5 በመቶው ወደ ሰውነት ቢገባ፣ የሚገኘው 0.3 ሚሊ ግራም ነው። በ39 በመቶ ሲቀነስ 0.18 ገደማ ይቀራል። የብረት ክምችቱ የተሟላ ጎልማሳ ወንድ ይህ ላያሳስበው ይችላል። በነፍሰ ጡር፣ የወር አበባዋ በሚበዛ ሴትና የብረት እጥረት ባለበት ሰው ላይ ግን በየቀኑ ሲደጋገም ክምችትን ያመነምናል። ምክሩ በተለይ ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠውም ስለዚህ ነው፦ ቡናን ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ፣ አለዚያም ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት፤ የብረት እንክብልንም በቡና ሳይሆን በውኃ መዋጥ።

ይሁን እንጂ የአንድ ማዕድ ሙከራ የወራትን ውጤት አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል፤ ክምችት ሲጎድል አንጀት ብረትን የመቀበል አቅሙን ይጨምራልና። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል በሚያካሂድበት በዳባት ይህን ለመለካት የሚነደፍ ጥናት፣ በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጣ ብቻ ሳይሆን ከማዕዱ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደሚጠጣም መመዝገብ ይኖርበታል። ሄሞግሎቢን በከፍታ ስለሚለዋወጥ ፌሪቲንም መለካት አለበት፤ ፌሪቲን በብግነት ጊዜ ከፍ ስለሚል ደግሞ የብግነት ምልክት የሆነው ሲአርፒ አብሮ ይለካል።